ሦስተኛው የቀን እንቅልፍ ሲቀር

7 ወር ያለፈው ሕፃን ባለበት ቤት ከቀኑ ሁሉ የሚከብደው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። እስከ ባለፈው ወር ድረስ በዚህ ሰዓት ሕፃኑ በአንቀልባ ይታዘልና ትንሽ እሹሩሩ ሲባል እንቅልፍ ይወስደው ነበር። አሁን ግን ጀርባ ላይ ሆኖ አንገቱን እያወጣ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ይወራጫል፤ ሲያዝሉትም ሲያወርዱትም ያለቅሳል። በስንት ትግል 11 ሰዓት ላይ ቢተኛ ማታ እስከ 3 ሰዓት ዓይኑ እንደ ፈጠጠ ይቆያል። ባይተኛ ደግሞ እናት ከሥራ ስትገባ የሚጠብቃት የደከመውና የሚነጫነጭ ልጅ ነው።

ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጥርስን ነው። ቀጥሎ ሆድ ቁርጠት፣ ቀጥሎም የሰው ዓይን ይነሳል። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ ምንም አልሆነም። በቀን ሦስት ጊዜ መተኛት የሚያስፈልገው ዕድሜ እያለፈ ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት ከ6 ወር ተኩል እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ፣ በተለይም በ7ኛውና በ8ኛው ወር አካባቢ፣ ከሦስት የቀን እንቅልፍ ወደ ሁለት ይሸጋገራሉ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ዕድሜው የሚቆጠረው ሊወለድ ይገባው ከነበረው ቀን ጀምሮ ነው። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የ8 ወር ልጅ በእንቅልፍ ረገድ የ6 ወር ልጅ ስለሆነ ባይቸኮልበት ይሻላል።

ለመሆኑ ሦስተኛው እንቅልፍ የሚቀረው ለምንድን ነው? ሕፃንን የሚያስተኙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ከነቃበት ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጠራቀመው የእንቅልፍ ፍላጎት ነው። ሌላው ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሰዓት ነው። የ4 ወር ሕፃን ፍላጎቱ ቶሎ ስለሚጠራቀም ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይደክመዋል። በ7 እና በ8 ወሩ ግን ሦስት ሰዓት ገደማ ነቅቶ መቆየት ይችላል። የሰውነት ሰዓቱም እየበረታ ስለሚሄድ አመሻሽ ላይ፣ ከማታው እንቅልፍ በፊት፣ ልጁን ንቁ ያደርገዋል። ሦስተኛው እንቅልፍ የሚወድቀው እዚያው ንቃት ላይ ነው። ፍላጎቱ ገና በወጉ አልተጠራቀመም፣ ሰውነቱም «ንቃ» ይለዋል። ስለዚህ ከሦስቱ መጀመሪያ የሚያጥረው፣ ቀጥሎም የሚጠፋው ይህ የመጨረሻው እንቅልፍ ነው።

ታዲያ እንቅልፉ ቢቀር ልጁ የሚያስፈልገው የእንቅልፍ መጠን ብዙም አይቀንስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀኑን ጨምሮ፣ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ይገልጻል። የቀረው ግማሽ ሰዓት ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ከፊሉ ሁለቱን የቀን እንቅልፎች ያረዝማል፣ ከፊሉ ወደ ምሽቱ መጀመሪያ ይሄዳል። ስህተቱ የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ ሦስተኛውን እንቅልፍ ያስቀርና የማታውን የመኝታ ሰዓት እንደ ድሮው 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይተወዋል። ከ8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነቅቶ የዋለ የ7 ወር ልጅ ስድስት ሰዓት ያህል ሳይተኛ ይቆያል ማለት ነው። ይህን ያህል መቆየት ከአቅሙ በላይ ነው። እኔ ሽግግሩን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ይህ የማታ ሰዓት ነው ባይ ነኝ። ሦስተኛው እንቅልፍ በቀረበት ቀን የማታው መኝታ ወደፊት መምጣት አለበት፤ አስፈላጊ ከሆነም እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት።

አንዲት የ7 ወር ተኩል ሕፃን እንውሰድና ነገሩን በሰዓት እንየው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች። 3 ሰዓት ላይ ተኝታ 3 ከ45 ትነቃለች። ሁለተኛው እንቅልፏ ከ6 ከሩብ እስከ 7 ከሩብ ነው። ሦስተኛው ከ10 ሰዓት እስከ 10 ተኩል ሲሆን ማታ 1 ከሩብ ላይ ትተኛለች። በዚህ ስትኖር ቆይታ ባለፉት አሥር ቀናት ውስጥ ሦስተኛውን እንቅልፍ እምቢ ማለት ጀመረች። መጀመሪያ የሚጠየቀው እምቢታዋ ምን ያህል ጊዜ ነው የሚለው ነው። አንድ ወይም ሁለት ቀን ከሆነ ምንም አይደለም። በሳምንት አራት አምስት ቀን ከሆነ፣ ተኛችም ብሎ ማታውን የሚያዘገይባት ከሆነ ግን ጊዜው ደርሷል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚሁ ዕድሜ ሕፃናት መቀመጥና መዳህ ይለምዳሉ፤ እናታቸው ከዓይናቸው ስትሰወርም ማልቀስ ይጀምራሉ። እነዚህም እንቅልፍን ያውካሉ። ልዩነቱ የቱ እንቅልፍ እንደታወከ በማየት ይታወቃል። አልጋ ላይ ቆማ ወይም እየዳኸች ሁሉንም እንቅልፍ፣ የጠዋቱንም የማታውንም እምቢ ካለች አዲስ ነገር እየለመደች ነው፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይተዋታል። የጠዋቱንና የቀትሩን በደንብ ተኝታ የአመሻሹን ብቻ ከገፋች ግን ጉዳዩ ሽግግር ነው።

ሽግግሩ የሚጀመረው ከአመሻሹ ሳይሆን ከጠዋቱ ነው። ሦስተኛውን እንቅልፍ በአንድ ቀን ቆርጦ መጣል ልጅቷን ያደክማታል። የሚሻለው የመጀመሪያውን እንቅልፍ በሩብ ሰዓት መግፋትና ሦስት ቀን በዚያው ማቆየት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በ3 ሰዓት ፋንታ 3 ከሩብ ላይ ትተኛለች። እንቅልፏ ገና ስላልረዘመ 4 ሰዓት ላይ ትነቃለች። ሁለተኛው 6 ከ45 ይጀምርና 7 ከ45 ላይ ያበቃል። ከዚያ እስከ ማታ ያለው ጊዜ በጣም ረጅም ስለሆነ ሦስተኛው እንቅልፍ አይቀርም፤ ግን ያጥራል። 10 ከሩብ ላይ ታዝላ ለ20 ደቂቃ ያህል ሸለብ ታደርግና ትቀሰቀሳለች። ማታም እንደ ድሮው 1 ከሩብ ላይ ትተኛለች።

በአራተኛው ቀን የጠዋቱ እንቅልፍ ወደ 3 ተኩል ይገፋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ነቅታ ስለቆየች እንቅልፉ ይጠልቃል። የሕፃን አንድ የእንቅልፍ ዑደት 45 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በዑደቱ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሕፃን በከፊል ይነቃል። የእንቅልፍ ፍላጎቱ በቂ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ዑደት ይገባል፣ ካልሆነ ዓይኑን ይከፍታል። ስለዚህ እስከ ትናንት 45 ደቂቃ ስትተኛ የነበረችው ልጅ ዛሬ 4 ተኩል ድረስ ትተኛለች። ሁለተኛው እንቅልፍ 7 ተኩል ላይ ይጀምርና 8 ከ45 ላይ ያበቃል። አሁን ሦስተኛ አያስፈልግም። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ትተኛለች፤ ከመጨረሻው ንቃቷ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ከሩብ መሆኑ ነው።

በአምስተኛው ቀን ግን አያቷ ቤት እንግዳ ይመጣል፣ ወይም ጎረቤት ቆርቆሮ ይመታል፣ ልጅቷም በ40 ደቂቃ ትነቃለች። ሁለተኛው እንቅልፍ 7 ሰዓት ላይ ይመጣና 8 ሰዓት ላይ ያልቃል። እስከ ምሽቱ 12 አራት ሰዓት ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ለእሷ ገና ብዙ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ትታዘልና ማታ 1 ከሩብ ላይ ትተኛለች። አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን ሦስት መሆኑ ችግር የለውም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው እንቅልፍ ከ8 ሰዓት ተኩል በፊት ካበቃ አጭር ሦስተኛ እንቅልፍ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ካበቃ ይቀርና ማታ ቀደም ብላ ትተኛለች። የተጨመረው አጭር እንቅልፍም 11 ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ አለበት።

ይህችን አጭር እንቅልፍ በአልጋ ላይ ማስተኛት ለብዙዎች አስቸጋሪ ነው፤ ልጅቷ አልጋውን ስታይ ጨዋታ ይቀራታል። አያቶቻችን የሚያውቁት ማዘል እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። እንቅስቃሴውና ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያስተኛታል፤ የታዘለችበት ሰው ሲቀመጥ ወይም ሲያወርዳት ደግሞ በቀላሉ ትነቃለች። እኛ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ግን በጥብቅ መታየት አለበት፦ ፊቷ በጋቢ ወይም በነጠላ መሸፈን የለበትም፤ አገጯም ደረቷ ላይ ተጣብቆ እስትንፋሷን እንዳያውክ ቀና ማለት አለበት። አልጋ ላይ ስትተኛ ደግሞ በጀርባዋ፣ ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው።

ሽግግሩ ሲያልቅ ቀኑ እንዲህ ይሆናል። ጠዋት 12 ተኩል ትነሳለች፤ ከ3 ተኩል እስከ 4 ከ45 ትተኛለች፤ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ከሩብ ትደግማለች፤ ምሽት 12 ከ45 ላይ ለሌሊቱ ትተኛለች። የንቃት ጊዜዋ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ ሦስት ከሩብ፣ በመጨረሻ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ ማለት ነው። እያደር የመጨረሻው እየረዘመ ይሄዳል። የጠዋቱ እንቅልፍ ከሰዓት ተኩል ካለፈ ግን መቀስቀስ ይሻላል፤ ካልሆነ የቀትሩን ይበላበታል። የቀትሩም ከ10 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ማታው ይዘገያል።

የምግቡም ሰዓት አብሮ ይቀየራል። ከእንቅልፍ እንደተነሳች ጡት፣ ከዚያ ቆየት ብሎ ምግብ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ አዲስ ሰዓት ምሳዋ 6 ተኩል አካባቢ ይሆናል። 8 ሰዓት ላይ ርቧት ከተኛች ግን በ40 ደቂቃ እያለቀሰች ትነሳለች፤ ቤተሰቡም እንቅልፍ አነሳት ብሎ ያስባል።

በሽግግሩ ሰሞን ወላጅን በጣም የሚያደናግረው ልጅቷ ከአቅሟ በላይ ደክማ ነው ወይስ ገና አልደከማትም የሚለው ነው። ሁለቱም ለቅሶ ያመጣሉ፣ ሁለቱም እንቅልፍን ያሳጥራሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ተቃራኒ ነው። ከአቅሟ በላይ የደከማት ልጅ ዓይኗ ይቀላል፣ ጆሮዋን ትጎትታለች፣ ጀርባዋን ወደ ኋላ ትለጥጣለች፣ ስትታቀፍም አትረጋጋም። ስትተኛ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ድብን ትልና ከግማሽ ሰዓት በኋላ እየጮኸች ትነሳለች። ማታ ከተኛች ሰዓት ሳይሞላ ትነቃለች፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይም ቀኑን ትጀምራለች። ያልደከማት ልጅ ግን አልጋ ላይ 20 እና 30 ደቂቃ እየተጫወተች ትቆያለች፤ አጭር ብትተኛም ስትነሳ ፈገግ ትላለች። ሌሊት ነቅታ አንድ ሁለት ሰዓት በደስታ ከተጫወተች ደግሞ የቀን እንቅልፏ በዝቷል ወይም ማታ በጣም ቀድማ ተኝታለች። የመጀመሪያዋ የንቃት ጊዜዋ በሩብ ሰዓት እንዲያጥርና ማታ እንድትቀድም ያስፈልጋታል። የሁለተኛዋ በሩብ ሰዓት ይጨመርላታል። ከተነሳችበት ሁኔታ፣ ማለትም ከለቅሶዋና ከፈገግታዋ፣ በላይ እውነቱን የሚናገር ምልክት የለም።

«ቀን ካልተኛች ሌሊት ድብን ትላለች» የሚለው የተለመደ ምክር በዚህ ዕድሜ አይሠራም። የሕፃን ሰውነት ከልክ በላይ ሲደክም ራሱን ለማንቃት የሚያነቃቁ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ ስለዚህ ልጅቷ የተጨነቀ ንቃት ውስጥ ትገባለች እንጂ እንቅልፍ አይወስዳትም። አያት ወይም ሞግዚት ይህን የሚሉት ልጅቷን ስለሚወዱ ነው፤ በክርክር ሳይሆን አንድ ሳምንት በማሳየት ነው የሚያምኑት። ልጅቷ ምሽት 12 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 12 ተኩል ስትነሳ፣ በመካከልም ለመጥባት ብቻ ስትነቃ ሲያዩ፣ «አይ፣ ልክ ነሽ ልጄ» ይላሉ።

የሥራ እናቶች ግን እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ አለባቸው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው። ስለዚህ በ7ኛው ወር እናት ሥራ ላይ ናት። ከመሥሪያ ቤት 11 ሰዓት ተኩል ወጥታ በትራፊኩ ውስጥ አልፋ ቤት የምትደርሰው 12 ተኩል ላይ ሊሆን ይችላል። ልጄን 12 ሰዓት አስተኟት ማለት ለእሷ ልጅዋን ሳታያት መዋል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መመሪያ ጻፊዎችም አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል። መውጫው ሽግግሩን ከቅዳሜና እሑድ መጀመርና በሥራ ቀናት አጭሩን ሦስተኛ እንቅልፍ ከሌላው ቤት ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ነው። እንዲህ ከሆነ ልጅቷ ማታ 1 ወይም 1 ከሩብ ድረስ በሰላም ትቆያለች። እናት ስትገባ የቤቱ ሥራ ሁሉ ይቆይና መታጠብ፣ መጥባት፣ መተኛት በእሷ እጅ ይሁን። ከተነጫነጨች ልጅ ጋር ከሚያሳልፉት ሁለት ሰዓት ጡት እየጠባች ዓይን ዓይን የምታይ ልጅ ያለችበት ግማሽ ሰዓት ይበልጣል።

ቀን ልጅቷን ለሚጠብቀው ሰው የሚሰጠው ትእዛዝም አጭር ይሁን። ሙሉ የሰዓት ዝርዝር የተሰጣት ሞግዚት ልጅቷ ቀድማ ስትነቃ ግራ ይገባታል። «ከነቃች ከሦስት ሰዓት በኋላ አስተኛት፤ የነቃችበትን ሰዓት ጻፊልኝ» ከተባለች ግን በቂ ነው። እናት 9 ሰዓት ላይ ደውላ የመጨረሻውን ንቃት ከጠየቀች የማታውን መኝታ ከቢሮዋ ሆና ልታሰላው ትችላለች።

በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ ቀደም ብሎ ማስተኛት ከጨለማው ጋር ይገጥማል። በበጋ እንደ ስቶክሆልም ባለ ከተማ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ብርሃን ነው፤ እዚያ ወፍራም መጋረጃ የግድ ይላል። የሕፃናት ማቆያ የምትውል ልጅ ደግሞ ወላጆቿ ሳይወስኑ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ወደ ሁለት እንቅልፍ ልትገባ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ማቆያውን ከመታገል ይልቅ ማታውን ማስቀደም ይቀላል።

ሽግግሩን የማይጀምሩበት ጊዜም አለ። ልጅቷ ካተኮሳት፣ ጉንፋን ከያዛት፣ መንገድ ከተሄደ ወይም ሞግዚት ከተቀየረች ይቆይ። በ9 ወሯ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ስትወስድም ሁለት ሦስት ቀን እንቅልፍ ሊበዛባት ስለሚችል እንዳሻት ትተኛ። ተጀምሮም ሁለት ሳምንት ሙሉ እየባሰባት ከሄደ፣ ሁለቱም እንቅልፎች ከ40 ደቂቃ አልዘል ካሉ፣ ገና ጊዜዋ አልደረሰም። ወደ ሦስቱ መልሶ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ምንም አያጎድልም። ከእንቅልፍ ሰዓት ጋር የማይገናኙ ምልክቶች ካሉ ደግሞ፣ ማለትም ሌሊት ሌሊት የምታንኮራፋ፣ እስትንፋሷ የሚቆራረጥ፣ ክብደት የማትጨምር ወይም ለመቀስቀስ የምታስቸግር ከሆነ፣ ሐኪም ይያት።

አብዛኞቹ ልጆች በ9ኛው ወር ሁለቱን እንቅልፍ ይዘው ይረጋጋሉ። ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ፣ የጠዋቱ እንቅልፍ በተበላሸበት ቀን፣ የሩብ ሰዓት ሦስተኛ እንቅልፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለቱ ወደ አንድ የሚወርዱት ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዓመት ሳይሞላቸው የጠዋቱን እንቅልፍ እምቢ ያሉ እንደሆነ ቸኩሎ ማስቀረት አያስፈልግም።